11 ጭብጨባ፣ 11 ፊደል

ባለፈው ቅዳሜ እዚሁ ጅማ የልጅ ልጄ በምትማርበት መዋዕለ ሕፃናት የወላጆች ስብሰባ ነበር። ልጄ ቡና ሊያስጭን አጋሮ ስለወረደ በወላጅ ወንበር የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። ስለ ክፍያ፣ ስለ ምሳ ዕቃና ስለ ሰርቪስ ሲወራ ቆይቶ አንድ አባት ከኋላ ተነሡ። የዩኬጂ ተማሪ የሆነችውን ልጃቸውን ደብተር ይዘዋል። ገጹን ገልጠው ለተሰብሳቢው ከፍ አደረጉና «እስቲ ይህን አንብቡልኝ» አሉ። «ከ4 ቃል 3ቱ ስህተት ነው። ሚስ ግን አላረመችውም፤ ጭራሽ ኮከብ ሰጥታበታለች። እኔ የምከፍለው ልጄ ስህተት እንድትለምድ ነው ወይ?»

አዳራሹ አጨበጨበላቸው። መምህሯ ገና ልጅ ናት፤ ቀላ አለችና «ሆን ብለን ነው፣ በራሳቸው እንዲሞክሩ እናበረታታለን» ብላ ተቀመጠች። የሚያብራራ ጠፋ፣ ስብሰባውም ወደ ዩኒፎርም ዞረ። እኔ ግን አንጀቴ አረረ። አንደኛ ክፍል ለብዙ ዓመት ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ ያቺ ወጣት የሠራችውን ሥራ አውቀዋለሁ። ስብሰባው ሲያልቅ አባትየውን ጠጋ ብዬ ደብተሩን እንዲያሳዩኝ ለመንኳቸው። «እትዬ፣ እርስዎም የድሮ አስተማሪ ነዎት፤ ይፍረዱ» ብለው ሰጡኝ። እንግዲህ በዚህ ዓምድ እፈርዳለሁ።

ገጹ ላይ የተሰበረ ጀበና ተሥሏል። እናትየው መንገድ ዳር ቡና አፍልታ ትሸጣለች። ከሥዕሉ ሥር በእርሳስ፣ ወደ ላይ እየወጣ በሚሄድ መስመር፣ እንዲህ ተጽፏል፦ «ደበነ ተሰበረ ሱከ የለ»። ከዚያ ዝቅ ብሎ መምህሯ በንጹሕ እጅ ጽሑፍ «ጀበናው በመሰበሩ አዘንኩ። ስኳርም የለም? ታዲያ ዛሬ ቡናው እንዴት ተጠጣ?» ብላ መልሳለች። አንድ ኮከብም አለ።

«ጀበና ተሰበረ፣ ስኳር የለም» ማለቷ ነው። አባትየው የቆጠሩት ቃል ነው፤ እኔ ፊደል ቆጠርኩ። ትክክለኛው አጻጻፍ 13 ፊደል አለው። ከ13ቱ 7ቱን ልጅቷ በትክክል ጽፋለች፤ 4ቱን በጎረቤቶቻቸው ተክታለች፤ 2ቱን ትታለች። ወላጆች ለዚህ ጽሑፍ ብላችሁ አንድ ነገር ሞክሩልኝ፦ ዓረፍተ ነገሩን ጮክ ብላችሁ በእጃችሁ እያጨበጨባችሁ በሉት። ጀ፣ በ፣ ና፤ 3 ጭብጨባ። ተ፣ ሰ፣ በ፣ ረ፤ 4። ስኳር 2 ጊዜ፣ የለም 2 ጊዜ ያስጨበጭባል። ድምሩ 11 ነው። አሁን ልጅቷ የጻፈቻቸውን ፊደላት ቁጠሩ፤ እነሱም 11 ናቸው። አንድም ጭብጨባ አላመለጣትም፣ አንድም አልጨመረችም። በ5 ዓመቷ ንግግር ቁርጥራጭ ድምፅ እንዳለው ደርሳበታለች፤ ለእያንዳንዱም ቁራጭ አንድ ፊደል ሰጥታለች። ንባብ የሚባለው ነገር የሚቆመው በዚህ መሠረት ላይ ነው። እኔ ይህን አጻጻፍ በጆሮ መጻፍ እለዋለሁ፤ ልጁ ያየውን ገልብጦ ሳይሆን የሰማውን ፈልጎ የሚጽፈው ነውና።

«ተሰበረ»ን ለምን ያለ እንከን ጻፈችው? አራቱም ፊደላት ግዕዝ ስለሆኑ ነው። ልጆቻችን መጀመሪያ እጃቸው የሚገባው የየቤቱ የመጀመሪያ ፊደል ነው፤ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ እያሉ ወደ ታች ነው የሚወርዱት። ስለዚህ የ«ና»ን ድምፅ ሰምተው «ነ»ን ያነሣሉ። ቤቱን አውቀውታል፣ ክፍሉን ነው ገና ያልለዩት። «ነ»ና «ና» የሚለያዩት በአንዲት የእግር እጥፋት ብቻ መሆኑንም አስቡ። እንዲህ ዓይነት ጽሑፍ ደግሞ በአገራችን አዲስ አይደለም። እስከ 4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ድረስ ግዕዝ ራሱ የሚጻፈው አናባቢው ሳይለይ ነበር። የካዕብ ቅጥያ፣ የኃምስ ቀለበት፣ የራብዕ እጥፋት የመጡት በንጉሥ ዒዛና ዘመን ነው። የአክሱም ድንጋይ ጠራቢዎች ያለፉበትን ደረጃ የአንዲት ሻይ ቡና ሻጭ ልጅ በአንድ የትምህርት ዓመት ታልፈዋለች።

«ደ» በ«ጀ» ቦታ መግባቱ ከዚህም ይበልጣል። ሁለቱን ድምፆች አፋችሁ ውስጥ ተከታተሏቸው፤ ምላስ የሚነካው ቦታ ተቀራራቢ ነው። ልጅቷ የ«ጀ»ን ፊደል ስላላስታወሰች የቅርብ ዘመዱን ጠራች። አባቶቻችንስ ምን አደረጉ? አማርኛ በግዕዝ የሌሉ ድምፆች ስላሉት ለነሱ ፊደል ሲያስፈልጋቸው ከ«ሰ» «ሸ»ን፣ ከ«ተ» «ቸ»ን፣ ከ«ነ» «ኘ»ን፣ ከ«ዘ» «ዠ»ን፣ ከ«ጠ» «ጨ»ን፣ ከ«ደ» ደግሞ «ጀ»ን አወጡ። የቅርቡን ድምፅ ፊደል ወስደው ምልክት ጨመሩበት። ልጅቷ መንገዱን በትክክል ይዛለች፤ የቀራት ምልክቷ ብቻ ናት።

«ሱከ» የተባለው ስኳርም ምክንያት አለው። ስኳር ስንል ከንፈራችን ቀድሞ ይሞጠሞጣል። ልጅቷ ያንን መሞጥሞጥ ሰምታ «ሱ» ላይ አሳረፈችው፤ «ኳ» የሚባል ፊደል መኖሩን ገና ማንም አልነገራትም። የቀሩት ሁለቱ፣ የ«ስኳር» «ር» እና የ«የለም» «ም»፣ የፊደላችን ከባድ ቦታ ናቸው። ሳድስ ናቸው፤ በቃል መጨረሻ ሲመጡ የራሳቸው ጭብጨባ የላቸውም። «ብርድ» በሉና አጨብጭቡ፤ አንድ ጭብጨባ፣ ሦስት ፊደል ነው። በጭብጨባ ለሚጽፍ ልጅ «ብርድ» «ብ» ነው፣ ሲሻሻል «ብድ» ይሆናል፣ መካከለኛው «ር» መጨረሻ ላይ ይመጣል። ይህ ስንፍና አይደለም። ልጁ ከጭብጨባ ወደ ነጠላ ድምፅ የሚሻገርበት ድልድይ ነው፤ ለመሻገርም ብዙዎቹ ወራት ይፈጅባቸዋል።

ተቃዋሚዎቼ የሚሉትን አውቃለሁ፤ እንጨት የሚቃናው በርጥቡ ነው፣ ስህተት ሲደጋገም ይደርቃል ይላሉ። ይህ ለእንጨት ይሠራል። ሕፃን ግን «ደበነ»ን አልሸመደደችም፤ እዚያው ቁጭ ብላ ሠራችው። በሚቀጥለው ሳምንት ብትጠይቋት እንደገና ከመጀመሪያው ነው የምትሠራው፤ በመካከሉ «ጀ»ን ከተማረች አዲሱ ሥራዋ ውስጥ «ጀ» ይገባል። «እኛ ስንማር ማንም ተሳስቶ አይጽፍም ነበር» ለሚሉኝ ደግሞ እውነቱ ማንም አይጽፍም ነበር ነው። ቄስ ትምህርት ቤት የኔታ ያስቆጥሩን የነበረው ንባብ ነው። ጽሕፈት ራሱን የቻለ የጥቂቶች ሙያ ነበር፤ ብራና ፍቆ ቀለም በጥብጦ የሚቀመጥ ጸሐፊ ነበረው። ዳዊት የደገመ ሰው ሁሉ ደብዳቤ መጻፍ አይችልም ነበር።

ጉዳዩ በሌላ አገርም በደንብ ተጠንቷል። ቻርልስ ሪድ የተባለ አሜሪካዊ የቋንቋ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ትምህርት ቤት ሳይገቡ በራሳቸው የጻፉ ሕፃናትን ወረቀት ፊደል በፊደል መርምሮ ስህተቶቻቸው ሥርዓት ያላቸው መሆኑን አሳይቷል። «ትራክ» የሚለውን ቃል በ«ች» የሚጀምሩት ልጆች በእርግጥም አፋቸው የሚያደርገውን ነው የጻፉት። እ.ኤ.አ. በ2008 ደግሞ ጂን ዌሌትና ሞኒክ ሴኔሻል የተባሉ የካናዳ ተመራማሪዎች በራሳቸው እየጻፉ እርዳታ ያገኙ የመዋዕለ ሕፃናት ልጆች ከጓደኞቻቸው ይልቅ አዳዲስ ቃላት ማንበብ እንደቀለላቸው አሳዩ። «እርዳታ ያገኙ» የምትለዋን ቃል እንዳትዘሏት። ልጆቹ ዝም ተብለው አልተተዉም። ከጻፉት አንድ ደረጃ ብቻ ከፍ ያለ ነገር ያዩ ነበር፤ ሙሉው እርማት አልተጫነባቸውም። ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ቤት ውስጥ የሚበላሸውም እዚሁ ላይ ነው።

ያን ዕለት ማታ ከልጅ ልጄ ጋር የሆነውን ልንገራችሁ። ወጥ ቤት መጥታ ወረቀት ሰጠችኝ። ራት ምን እንደምትፈልግ የጻፈችበት ነው፤ «እጀረ በወጥ» ይላል። እጄ እርሳስ ሊያነሣ ነበር፤ ያዝኩት። መጀመሪያ «አንብቢልኝ» አልኳት። ጣቷን እያስኬደች «እንጀራ በወጥ» ብላ አነበበች። ይህን ቅደም ተከተል አደራ፤ ከማንም አስተያየት በፊት ልጁ ራሱ ያንብበው። ምን ለማለት እንደፈለገ የምታውቁት ያኔ ነው። ጣቱ ከፊደሉ ጋር እኩል ይሄድ እንደሆነ፣ ድምፁና ፊደሉ ይገናኙ እንደሆነ የሚታየውም ያኔ ነው።

ቀጥዬ መልእክቱን ተቀበልኩ፤ «እንጀራ በወጥ ነው የፈለግሽው? ምስር አለ፣ ይሁን?» አልኳት። ጽሑፏ ሥራ እንደሠራ አየች፤ ራት አመጣላት። ከዚያ አንዲት ነገር ብቻ መረጥኩ። «እጀረ» ውስጥ ሁለት ጉዳይ አለ፦ «ን» ቀርቷል፣ «ራ» «ረ» ሆኗል። ሁለቱንም ብነካ ሁለቱንም አጣለሁ። «ን»ን ወሰድኩ። «አፍንጫሽን በሁለት ጣት ያዢና እንጀራ በይ» አልኳት። ያዘች፤ ድምፁ ታፈነ። «አሁን ልቀቂና በይ» አልኳት። ሳቀች፤ «አፍንጫዬ ውስጥ የሆነ ነገር አለ!» አለች። «እሱ ነገር ፊደል ይኖረው ይሆን?» ስላት ግድግዳው ላይ ወዳለው የፊደል ገበታ ሮጠች። ከ«ነ» ቤት አመጣችና «እነጀረ» ብላ ጻፈች። «ን» ሳይሆን «ነ» ነው፤ «ራ»ም አሁንም «ረ» ነው። እዚያ ላይ አቆምኩ። አፍንጫዋ ውስጥ ያለውን ድምፅ አግኝታ ወረቀት ላይ አስቀምጣለች፤ ለአንድ ማታ በቂ ነው። ጥርት ያለውን አጻጻፍ ያየችው በኔ መልስ ላይ ነው፤ በሌላ ወረቀት «እንጀራ በምስር ወጥ ቀርቧል» ብዬ ጽፌ ሳህኗ ሥር አደረግኩላት። በእሷ ወረቀት ላይ አልጻፍኩም፣ ላጲስም አልነካሁም። ጀርባው ላይ ቀኑን ብቻ መዝግቤ ካርቶን ውስጥ ከተትኩት።

ያ ካርቶን ለወላጅ ከማንኛውም ማርክ ይበልጣል። በሁለት በሦስት ወር ልዩነት የተጻፉ ሁለት ወረቀቶችን ጎን ለጎን አድርጋችሁ እዩ። ሲጀመር ዝም ብሎ የተደረደረ ፊደል ይኖራል፤ ቀጥሎ በጭብጨባ ልክ የግዕዝ ፊደል ይመጣል፤ ቀጥሎ ካዕቡና ሣልሱ ብቅ ይላል፤ በመጨረሻ ሳድሱ ቦታውን ይይዛል። ለውጡን በዓይናችሁ ካያችሁ ልጁ መንገድ ላይ ነው፤ ዛሬ ምን ያህል ፊደል መሳሳቱ አያስጨንቃችሁ። ልጁ «ይህ እንዴት ይጻፋል?» ብሎ ሲጠይቃችሁ ደግሞ ወዲያው ፊደሉን አትቁጠሩለት፤ «መጀመሪያ ምን ትሰማለህ?» በሉት። ስሙን፣ የእህቱን ስም፣ ለበዓል ለአያቱ የሚልከውን ካርድ በትክክል መጻፍ ከፈለገ ግን ስጡት። ስም ትክክል ይጻፍ፤ የፊደል ገበታውም ቆጠራ ይቀጥል። በጆሮ መጻፍ የፊደል ትምህርትን አይተካውም፤ የተማሩት ፊደል ሥራ የሚያገኝበት ቦታ ነው።

በኛ በጅማ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ከሰቃ እስከ ሊሙ ገነት፣ ከየቡ እስከ አጋሮ ልጆቻችን በሁለት ቋንቋ ነው የሚያድጉት፤ ብዙዎቹም በሁለት ጽሕፈት። በቤት ኦሮምኛ የሚናገር ልጅ በአማርኛ ሲጽፍ «ጸሎት»ን «ጠሎት»፣ «ፖስታ»ን «ቦስታ» ቢል ጆሮው በትክክል እየሠራ ነው፤ ቤቱ የሚለውን ነው የጻፈው። በአነጋገሩ አትሳቁበት፤ ቃሉን በራሳችሁ ንግግር ውስጥ ደግማችሁ አሰሙት። በቁቤ የሚጽፍ ልጅ ደግሞ ሌላ ፈተና አለበት። ቁቤ ረጅሙን አናባቢና ጠብቆ የሚነበበውን ተነባቢ ሁለት ጊዜ ይጽፋል። «ላፋ» አጥሮ ሲነገር መሬት ነው፣ ሲረዝም ለስላሳ ነው። «በዳ» ላልቶ መጥፎ ነው፣ ጠብቆ ደጋ ነው። ጀማሪዎች መደጋገሙን ይተዉታል፤ መርዘሙንና መጥበቁን ይሰሙታል፣ ሁለት ፊደል የሚያስከፍል መሆኑን ግን አላወቁም። እንደ አፍንጫው ሁሉ ይህንንም በእጅ ማሳየት ይቻላል፤ ድምፁ ሲረዝም እጅን ጎትቱ፣ ሲያጥር ቁረጡ።

ጆሮ የማይፈታቸው ስህተቶችም አሉ፤ እዚህ ላይ ከአንባቢዎቼ ጋር የቆየው ጸባችን ይመለሳል። ስለ «ሰ» እና «ሠ»፣ ስለ «ሀ»፣ «ሐ» እና «ኀ» ስንት ደብዳቤ እንደደረሰኝ ታውቃላችሁ። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ድምፃቸው አንድ የሆኑትን ፊደላት ወደ አንድ ሰብስበው ነው የጻፉት፤ ምክንያታቸውንም በመግቢያው አስረድተዋል። እኔ ለአዋቂ ጽሕፈት ልዩነቱ ይጠበቅ ከሚሉት ወገን ነኝ፤ ይህን አልተውኩም። ነገር ግን ልጅ «ፀሐይ»ን «ጸሀይ» ብሎ ቢጽፍ ምንም ያህል ቢያዳምጥ ስህተቱን አያገኘውም፤ በድምፅ ውስጥ የለምና። ይህ የዓይን ትዝታ ነው፤ ብዙ መጽሐፍ ባየ ቁጥር በላይኛዎቹ ክፍሎች ይመጣል። በ5 ዓመቱ ለዚህ የሚቆጣው ወላጅ ልጁን መስማት በማይቻል ነገር ነው የሚቀጣው።

ዝም ተብሎ የማይታለፍበት ጊዜም አለ። ዩኬጂ ሊያልቅ ተቃርቦ ልጁ አሁንም ያለ ድምፅ ፊደል የሚደረድር ከሆነ፣ ትናንት የጻፈውን ዛሬ ሲያነብ ፍጹም ሌላ ነገር ከሆነበት፣ «ቡና» በምን ይጀምራል ሲሉት መልስ ካጣ፣ መጀመሪያ ጆሮውንና ዓይኑን አስመርምሩ፤ ከዚያ ከመምህሩ ጋር ተቀመጡ። የአንደኛና የሁለተኛ ክፍል ልጅም በክፍል የተማረውን ቃል በትክክል እንዲጽፍ ሊጠየቅ ይገባል፤ በጆሮ መጻፍ ዘላለማዊ ፈቃድ አይደለም። ከሁሉ በላይ የሚያስፈራኝ ግን ሌላ ምልክት ነው። «እናት»፣ «አባት»፣ «ቤት»፣ «ላም» ብቻ የሚጽፍ ልጅ አለ። ደብተሩ ንጹሕ ነው፤ አንድ ስህተት የለበትም። ጀበናው ተሰብሮ እንኳ ስለ ጀበናው አይጽፍም፤ የሚያውቃቸው አራት ቃላት ውስጥ ጀበና የለምና። ያን ንጹሕ ደብተር ብዙ ጊዜ ያመጣው የሰው እጅ ነው።

ይህን ሳስብ እጁ የማን እንደነበር የማውቅበት አንድ ደብተር ትዝ ይለኛል፤ የምጽፈው ስለ ልጆች ነበር፣ ነገሩ ግን ወደ እናቴ ወሰደኝ።

እናቴ አጋሮ ውስጥ ጀንፈል እየሰበሰበች ለነጋዴ ታስረክብ ነበር። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ማታ ማታ እየሄደች ፊደል ቆጠረች። ዘመቻው በኋላ እስከ 15 ቋንቋዎች ደርሷል፤ ኦሮምኛም ያኔ በፊደል ነበር የሚጻፈው። የምስክር ወረቀቷን በመስተዋት አድርጋ ግድግዳ ላይ ሰቀለች። ከዚያ አንድ ደብተር ገዛችና የዱቤ መዝገብ ጀመረች። ማን ስንት ፈረሱላ አመጣ፣ ማን ስንት ብር ቀድሞ ወሰደ፣ ሁሉንም ራሷ ትጽፋለች። «ጀንፈል»ን «ጀፈለ» ትለዋለች። የሰው ስም ሳድሱን አጥቶ ይጻፋል። ሒሳቡ ግን አንድ ቀን ተዛብቶ አያውቅም፤ እሷም ሰውም በደብተሩ ይተማመናሉ።

እኔ ያኔ አምስተኛ ክፍል ነኝ፤ በክፍሌ አንደኛ የወጣሁ። በአንድ ጫፉ ቀይ በሌላው ሰማያዊ የሆነ እርሳስ ተሸልሜ ነበር። አንድ ከሰዓት በኋላ ደብተሯን አገኘሁና ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሬ በቀይ አረምኩላት። እየረዳኋት መስሎኝ ነበር። እያንዳንዱን «ጀፈለ» ሰርዤ ከላይ «ጀንፈል» ብዬ ጻፍኩ፣ የሰዎቹን ስም አቃናሁ። ማታ ስትመጣ በኩራት አሳየኋት። ገጾቹን አንድ በአንድ ገለጠች። አልተቆጣችም። «እንዲህ ነው እንዴ?» አለች፤ ከዚያም «እንግዲህ አንቺ ያዢልኝ፣ ልጄ» ብላ ደብተሩን ሰጠችኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔ ነበርኩ የምጽፈው። እሷ እየነገረችኝ፣ እኔ እያሳመርኩ። ስታርፍ ሳጥኗ ውስጥ ደብተሩን አገኘሁት። 23 ገጽ በእሷ እጅ ተጽፏል፤ በየገጹ የኔ ቀይ አለበት። ከ24ኛው ገጽ ጀምሮ ያለው ጽሑፍ በሙሉ የኔ ነው፤ ያለ አንድ ስህተት።

እኚያን አባት በዚህ ሳምንት ደጋግሜ አስቤያቸዋለሁ። ክፉ ሰው አይደሉም። ልጃቸውን ስለሚወዱ ነው ደብተሩን ይዘው የተነሡት፤ እኔም እናቴን ስለምወድ ነው ያረምኩት። ስለዚህ ወንድሜ፣ ደብተሩን ስመልስልዎ ያልነገርኩዎትን እዚህ ልንገርዎ። መምህሯ ልጅዎን አንድ ጥያቄ ጠይቃታለች፤ ስኳር ከሌለ ቡናው እንዴት ተጠጣ? ከሥሩ ባዶ መስመር ትታላታለች። ዛሬ ማታ ልጅቷ ያንን መስመር ልትሞላ እርሳስ ስታነሣ አጠገቧ ቁጭ ይበሉ። ስትጨርስም «አንብቢልኝ» ይበሏት።